የልብስ ሰፊዋ ደሞዝ ሐዋሳ ውስጥ ስንት እጅ ይነካል?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አንድ የቻይና ተቋራጭ በ9 ወር ገደማ ገንብቶ አስረከበው። ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያኔ በብዛት የሚነሳው ቁጥር 60 ሺህ ነው፤ ፓርኩ ሲሞላ ይቀጥራል የተባለው ሠራተኛ ብዛት። ከዚያ ቁጥር ጀርባ ደግሞ ሌላ ተስፋ ነበር። 60 ሺህ ሰው ደሞዝ ሲቀበል ባለሱቁም፣ ባለባጃጁም፣ አከራዩም፣ ጉልት ቸርቻሪዋም ይጠቀማል የሚል።

ይህ ተስፋ በኢኮኖሚክስ ስም አለው፤ የማባዣ ውጤት ይባላል። የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ነው። ያ ሌላው ደግሞ ካገኘው ላይ ያወጣል፤ ለሦስተኛው ገቢ ይሆናል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሪቻርድ ካን የሚባል እንግሊዛዊ በ1931 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አስቀመጠው፤ ኢኮኖሚስቱ ኬንስ ደግሞ በ1936 እ.ኤ.አ. በስፋት አስተዋወቀው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከባዱ እያንዳንዱ ብር በየትኛው በር እንደሚወጣ ማወቅ ነው። ሐዋሳ ለዚህ ጥሩ ጉዳይ ናት፤ ገንዘቡ ሲገባም ሲቋረጥም የታየባት ከተማ ስለሆነች።

ከበሩ ሳይወጣ የሚቀረው

መጀመሪያ ፓርኩ ውስጥ ያለውን እንይ። አንድ ሸሚዝ ወደ አሜሪካ ተልኮ ዶላር ሲያመጣ፣ ያ ሁሉ ዶላር ሐዋሳ የገባ ይመስለናል። አይገባም። አብዛኛው ጨርቅ፣ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ ከውጭ በጂቡቲ በኩል ይመጣል፤ ስለዚህ ከሽያጩ ትልቁ ድርሻ ተመልሶ ለጨርቅ አቅራቢው ይሄዳል። ትርፉ የባለሀብቱ ነው፤ ባለሀብቱ ያለው ደግሞ ውጭ አገር ነው። ፋብሪካዎቹ በመንግሥት የኢንቨስትመንት ማበረታቻ መሠረት ከትርፍ ግብር ለዓመታት ነፃ ስለሆኑ በዚያ በኩልም ቶሎ የሚገኝ ነገር የለም።

እንግዲህ ለከተማዋ በዋናነት የሚተርፈው ደሞዝ ነው። ስለ ኤክስፖርት የሚነገረው የሚሊዮን ዶላር ዜና ለብሔራዊ ባንክ ትርጉም አለው። ለአላሙራ ወይም ለታቦር ሰፈር ባለሱቅ ግን የሚጠቅመው የደሞዙ ቁጥር ብቻ ነው።

ደሞዙ ስንት ነበር? በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ሪፖርት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ ጽፏል። በጊዜው ምንዛሬ ወደ 750 ብር ነው። ፓርኩ ያኔ 25 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ነበረው፤ አብዛኞቹ ከሲዳማ ገጠርና ከአካባቢው የመጡ ወጣት ሴቶች።

750ውም እንዳለ እጅ አይገባም። በጊዜው ሕግ የመጀመሪያው 600 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከቀሪው 150 ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 15 ብር፣ ግብር ይቆረጣል። ለጡረታ 7 በመቶ ሲቀነስ ደግሞ 52 ብር ከ50 ሳንቲም ይሄዳል። የሚቀራት 682 ብር ከ50 ነው። አንዳንድ ፋብሪካ የምግብ፣ የትራንስፖርትና ከሥራ ያለመቅረት ጉርሻ ይጨምራል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። መነሻ ደሞዙን ብቻ በ25 ሺህ ሠራተኛ ብናባዛው፣ በወር 17 ሚሊዮን ብር ገደማ ከፓርኩ በር ይወጣል ማለት ነው።

100 ብሯን እንከተላት

ከዚህ በኋላ ያሉት ድርሻዎች የኔ ግምት ናቸው፤ ስሌቱ እንዲታይ ብዬ ያስቀመጥኳቸው። የተሻለ ቁጥር ያለው ሰው በነዚህ ቦታ የራሱን ይተካና ያስላ።

አንዲት ልብስ ሰፊ እጇ ከገባው 100 ብር ላይ 30ውን ለኪራይ፣ 40ውን ለምግብ፣ 10ሩን ለሳሙና፣ ለቅባትና ለሞባይል ካርድ አወጣች እንበል። 20ውን ለቤተሰብ ላከች። አራት ሆኖ አንድ ክፍል ተጋርቶ መኖር የተለመደ ስለነበር፣ 30ው የራሷ ድርሻ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል። «ከ100 ብር 80ውን አወጣች፤ ቀጣዩም ሰው ከ80ው 80 በመቶውን ያወጣል» ብሎ ይነሳል። ቀመሩ 1ን (1 ሲቀነስ 0.8) ለሚሰጠው ማካፈል ነው፤ 5 ይመጣል። 100 ብር 500 ሆነ! የፕሮጀክት ሰነድ ላይ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ጠርጥሩ። የሐዋሳ ሰው ገቢ የሚሆነው የወጣው ብር ሁሉ አይደለም። ከወጣው ውስጥ ሐዋሳ የሚቀረው ብቻ ነው።

እስቲ በየተራ እንየው። የኪራዩ 30 ብር፣ አከራይዋ እዚያው ግቢ የምትኖር ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ የከተማው ሰው ገቢ ነው። አከራዩ አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ ግን 30ው በዚያው ዕለት በባንክ ይሄድና አለቀ። ያው ክፍል፣ ያው ዋጋ፣ ያው ተከራይ፤ ለከተማዋ ግን ሌላ ውጤት። እዚህ አከራይዋ ሐዋሳ ናት ብለን እንቀጥል።

የምግቡ 40 ብር ይበታተናል። ዘይቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት ነው፤ ባለሱቁ ሸጦ የሚያስቀረው ጥቂት ሳንቲም ነው፣ ሌላው ወደ አስመጪው ይመለሳል። የሽሮው አተር ከሌላ አካባቢ ይመጣል፤ የወፍጮ ቤቱ ክፍያ ግን እዚህ ይቀራል። ጎመኑና ቆጮው ከከተማው ዳር ከመጣ፣ የቸርቻሪዋም የአምራቹም ድርሻ ቅርብ ነው። የጫኝ አውራጁ ሒሳብና የባጃጁ ክፍያም እዚሁ ናቸው። ባጃጁ የሚቀዳው ነዳጅ ግን አይደለም። በድምሩ ከ40ው 16 ብር እዚህ ይቀራል ብለን እንገምት። ከሳሙናና ከካርዱ 10 ብር ደግሞ ከ2 ብር በላይ አይቀርም። የካርድ ሂሳብ ከአየር ላይ ሳይወርድ አዲስ አበባ ነው።

30፣ 16 እና 2 ሲደመሩ 48 ናቸው። ከ100ው ብር የመጀመሪያው ዙር የሐዋሳ ገቢ ይኸው ነው።

አሁን ሁለተኛው ዙር። 48 ብሩ ያለው በአከራይዋ፣ በባለወፍጮው፣ በቸርቻሪዋና በባጃጅ ሹፌሩ እጅ ነው። እነሱም ያወጣሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ይገዛሉ። ከእያንዳንዱ ብር 40 ሳንቲሙ እንደገና የሐዋሳ ሰው ገቢ ይሆናል ብንል፣ ሁለተኛው ዙር 19 ብር፣ ሦስተኛው ወደ 8፣ አራተኛው 3 ብር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሳንቲም ነው። ሁሉም ሲደመር 80 ብር ይመጣል። 100 ብር ደሞዝ ሌላ 80 ብር ገቢ ወለደ። ማባዣው 1.8 ነው፤ 5 አይደለም።

1.8 ትንሽ አይደለም። ግን እዩት፤ ድምሩን የሚወስነው የመጀመሪያው ዙር ነው። ሁለተኛው ላይ ያለችውን 40 ሳንቲም ወደ 30 ብናወርዳት ተጨማሪው ገቢ ከ80 ወደ 69 ብቻ ይወርዳል። አከራይዋን አዲስ አበባ ብናስቀምጣት ግን 48ቱ 18 ይሆናል፤ 80ውም ወደ 30 ይወድቃል።

አከራይዋ ምን አደረገችበት?

ጉዳዩ የሚሰፋው እዚህ ነው፤ ትንሽ እንቆይ።

አከራይዋ 30ውን ከብዙ ተከራይ አሰባስባለች እንበል። ግቢዋ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ልትጨምር አሰበች። ግንበኛ ጠራች፣ የቀን ሠራተኛ ቀጠረች። የእነሱ ክፍያ በዚያው ሳምንት እንጀራ ቤትና ሻይ ቤት ይገባል። ብሎኬቱ እዚያው አካባቢ የሚመረት ከሆነ የብሎኬት ሠሪውም ልጆች ከዚህ ይበላሉ። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮውና ሚስማሩ ግን በመኪና ተጭኖ መጥቷል፤ ባለመጋዘኑ ትርፉን ይዞ ሌላውን ይልካል። ስለዚህ «ግንባታ ከተማ ያነቃቃል» ሲባል፣ የሚያነቃቃው የእጅ ዋጋው ነው። ከወጪው ውስጥ የእጅ ዋጋ በበዛ ቁጥር ገንዘቡ ይቆያል።

ወይም ገንዘቡን ለልጇ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ አዋለችው። ይህ ከግንባታውም የተሻለ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ክፍያ ብዙው የመምህራን ደሞዝ ነው፣ መምህሩም ጎረቤቷ ነው።

ወይም ባንክ አስገባችው። ባንኩ ቅርንጫፉ ሐዋሳ ይሁን እንጂ ብድሩን የትም ይሰጣል። በእቁብ ብትጥለው ግን ነገሩ ይለያል። እቁብ ቁጠባ ይመስላል፤ ግን የዛሬው መዋጮ ዛሬውኑ የአንዱ ዕጣ ይሆናል። ዕጣው የደረሰው ሰው ጋሪ ይገዛበታል፣ ሱቁን ይሞላበታል፣ ወይም ሠርጉን ይደግስበታል። የሰፈር እቁብ ከሆነ ከከተማው አልወጣም። የማባዣን ሒሳብ ከመጽሐፍ የሚቀዳ ሰው ቁጠባን ሁሉ እንደ ፍሳሽ ይቆጥራል፤ እቁብን ለብቻው ማየት አለበት።

አንድ ሌላ ነገር፤ ጊዜ። ዙሮቹ በወረቀት ላይ በአንድ መስመር ይደመራሉ እንጂ በእውኑ ዓለም ወራት ይወስዳሉ። ኪራይ በወር አንዴ ነው። ክፍል ለመሥራት ገንዘቡ መጠራቀም አለበት፤ ክረምት ከመጣ ግንበኛው ይቆማል። ስለዚህ ፓርኩ በተከፈተ ማግስት «የታለ ታዲያ ለውጡ?» ማለት ይቸኩላል። በተቃራኒው በመጀመሪያው ወር የታየ የዋጋ ግርግር ማባዣው መሥራቱን አያሳይም።

ክፍል ሳይኖር ብር ሲመጣ

እስካሁን አንድ ነገር ዝም ብለን ይዘን ሄደናል፤ ሰው ብር ይዞ ሲመጣ የሚፈልገው ነገር ይገኛል ብለን። ጎመን ይገኛል። ቸርቻሪዋ ነገ አንድ እስር ትጨምራለች። ክፍል ግን በአንድ ሳምንት አይበቅልም።

ሐዋሳ ላይ የሆነው ይኸ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከፓርኩ ብዙም የማይርቁ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ፈለጉ። ክፍሎቹ ያሉት ያህል ነበሩ። ኪራይ ወጣ። ለመኖሪያ ዶርም ታስቦ የነበረው እቅድ ከቅጥሩ ጋር እኩል አልሄደም፤ ልጆቹም አራት አራት እየሆኑ ገቡ።

እንግዲህ አንድ መምህር እናስብ። ከፓርኩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ኪራዩ 300 ብር ጨመረበት። ደሞዙ አልጨመረም። ስለዚህ በወር ሁለቴ የሚገዛውን ሥጋ ተወው፤ ልብስም ለበዓል አሳደረው። አከራዩ 300 ብር አገኘ፤ ባለሥጋ ቤቱና ልብስ ሻጩ 300 ብር አጡ። ከተማው ውስጥ አዲስ ብር አልመጣም፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሄደ እንጂ። የኪራይ ዝርዝሩን ብቻ የሚያይ ሰው ግን «የከተማዋ ገቢ አደገ» ብሎ ይጽፋል።

«ኪራይ አስወደደብን እንጂ ምን አመጣ?» የሚለው ሰው የሚያየው ይህንን ነው። «ከተማዋን አነቃቃ» የሚለው ደግሞ ጉልቱንና ወፍጮ ቤቱን ያያል። ያው ደሞዝ፣ ትርፍ አቅም ባለበት ሥራ ሲፈጥር፣ አቅም በሌለበት ዋጋ ይሰቅላል።

ማወዳደሪያ የሚሆን ጉዳይ ጎረቤት ኬንያ አለ። ሲያያ በሚባል አካባቢ፣ በ653 መንደሮች ውስጥ፣ ለ10,500 ገደማ ደሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ያህል በነፃ ተሰጠ። ጥናቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ማባዣ 2.5 አካባቢ ነው፤ ዋጋ የጨመረው ግን በአማካይ 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ። እንዴት? ወፍጮው ቀኑን ሙሉ አይሠራም ነበር፤ ባለሱቁ ገዢ እየጠበቀ ተቀምጦ ነበር፤ ገበያተኛ ሲመጣ ያለውን ሰዓት ሠሩበት። ሐዋሳ ላይም ሻይ ቤቱና ባጃጁ እንደዚያ ናቸው። ቤቱ ግን አይደለም።

ታዲያ በአንድ ሰፈር ውስጥ የትኛው እየሆነ እንዳለ በምን ይታወቃል? ዋጋ አትጠይቁ፤ ብዛት ጠይቁ። ባለሱቁ በወር ስንት ካርቶን ፓስታ ያወርድ ነበር፣ አሁንስ? ወፍጮው ስንት ኩንታል ይፈጫል? ስንት አዲስ ክፍል ተሠርቷል? ብዛቱ ከጨመረ ማባዣው እየሠራ ነው። ብዛቱ ባለበት ቆሞ የብሩ ቁጥር ብቻ ካደገ፣ ያደገው ዋጋ ነው። የባለሱቁ የዱቤ ደብተርም ብዙ ያወራል። ዱቤው በደሞዝ ቀን እየተዘጋ ከሆነ ወጪው ከገቢ ነው። ከወር ወር እየተንከባለለ ከሄደ ግን የዛሬው ሽያጭ ከነገው ደሞዝ የተበደረ ነው፤ ነገ ይቀነሳል።

የሠራተኛው አለመርጋትም እዚህ ይገባል። ያው የ2011 ሪፖርት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሁሉ በሌላ እስከመተካት ይደርሱ እንደነበር ይናገራል። የምትቆይ ሠራተኛ አልጋ ትገዛለች፣ ምድጃ ትገዛለች፣ እቁብ ትገባለች። ከወራት በኋላ የምትሄድ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግታ ትወጣለች። የደሞዙ ድምር አንድ ሆኖ ሳለ፣ አናጢው ሁለተኛዋን አያውቃትም።

ሲቋረጥ

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ኢትዮጵያን ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚፈቅደው አጎዋ እንደሚያስወጣ አሳወቀ። በኅዳር የፓርኩን ምሥረታ የመራው ግዙፉ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች እዚያ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ገለጸ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ መላኩ ቆመ። አንዳንድ ፋብሪካ ወጣ፤ ሌላው ሠራተኛ ቀንሶ ወይም ሌላ ገበያ ፈልጎ ቀጠለ።

በሒሳቡ 100 ብር ደሞዝ ሲጠፋ ሌላ 80 ብር አብሮ ይጠፋል። ግን መውረዱ የመውጣቱ ግልባጭ አይደለም። ሲወጣ አከራይዋ ክፍል ሠርታለች፤ ምናልባትም ተበድራ። ተከራይ ሲሄድ ክፍሉ አይፈርስም፤ ዕዳውም አይቀነስም። ስለዚህ ቁጠባዋን ሁሉ ወደ ዕዳ ታዞራለች፤ ለግንበኛው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለእቁቡ የምትሰጠው ከገቢዋ በላይ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ባዶ ክፍል ሲበዛ ኪራይ ይለዝባል፤ ያ መምህር ሥጋ ቤት ሊመለስ ይችላል። ወደ ላይ ሲወጣ የዋጋ ጭማሪ ብቻ የነበረው ድርሻ፣ ወደ ታች ሲወርድም ለሌላው እፎይታ ነው። የከተማዋ እውነተኛ ኪሳራ ያለው ወፍጮው ባቆመበት፣ ጉልቷ በታጠፈችበት፣ ግንበኛው ስልክ ባልተደወለለት ቦታ ነው። የጨርቁ ወጪ መጥፋት ግን ሐዋሳ ላይ ምንም አይሰማም፤ መጀመሪያም አልገባም ነበርና።

ለቤተሰብ ትልካት የነበረችው 20 ብርስ? በኛ ስሌት «ከከተማው ወጣ» ብለን ጥለናት ነበር። ያ ትክክል የሚሆነው ወሰኑን በሐዋሳ ከተማ ካሰመርን ብቻ ነው። ወሰኑን ሲዳማ ክልል ላይ ብናደርገው 20ው ብር ውስጥ ነው፤ አባት ማዳበሪያ ይገዛበታል፣ እናት በገበያ ቀን ጨውና ጋዝ። ከዚያም ውስጥ ጥቂቱ በጅምላ ነጋዴው በኩል ወደ ሐዋሳ ይመለሳል። ስለዚህ ለክልሉ የሚወጣው ማባዣ ለከተማው ከሚወጣው ይበልጣል፤ ለአገር ሲሆን ደግሞ የአዲስ አበባው አከራይም ውስጥ ይገባል። ልጅቷ ሥራዋን ስታጣ የገጠሩ ቤተሰብ ጎደሎ በዚያው ወር ይጀምራል። የከተማው ጅምላ ነጋዴ የሚያየው ግን ከዘገየ በኋላ ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ቸርቻሪ ሁለት ከረጢት ጨው ይወስድ የነበረው አንድ ብቻ ሲጠይቀው።